ወረቀት በማን በኩል ደረሰን? የአንድ ወሬ ኢስናድ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው ሳምንት ከደርስ በኋላ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣና አንድ ምስል አሳየኝ። ምስሉ ላይ፣ ሙስሊሞች በ751 በጠላስ ጦርነት ቻይናዎችን አሸንፈው፣ ከምርኮኞቹ ወረቀት መሥራትን ተማሩ፣ ከዚያም ለዓለም አዳረሱ የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። ብዙ ሺህ ሰው ወዶታል። «ኡስታዝ፣ እኔም ላጋራው ነበር፤ ግን ልክ ነው?» አለኝ።

ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ይህንኑ ታሪክ ለጓደኞቼ በኩራት አውርቼዋለሁ፤ ከየት እንዳመጣሁት ግን አንድም ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። መድረሳ ውስጥ ሐዲስ ስንቀራ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ?» የሚል ነው። ዛሬ ይህንን ጥያቄ ለወረቀት እንጠይቀው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ የሂጅራ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ወሬውን ማን ነገረን?

ጦርነቱ እውነት ነው። በ751፣ በሂጅራ 133፣ ዛሬ በኪርጊስታንና በካዛክስታን ድንበር አካባቢ በሚያልፈው የጠላስ ወንዝ ዳር፣ ዚያድ ኢብን ሷሊሕ የመራው የዐባሲዮች ጦር የቻይናውን የታንግ መንግሥት ጦር ገጥሞ አሸንፏል። ምርኮኞችም ተይዘዋል።

የወረቀቱን ወሬ የጻፈልን ግን የኒሳቡሩ አዲብ አቡ መንሱር አስ-ሠዓሊቢ ነው። የሰመርቀንድ ወረቀት እንዴት እንደተጀመረ ሲያወሳ፣ ሙያውን ያመጡት ዚያድ ኢብን ሷሊሕ የማረካቸው ቻይናዎች ናቸው ይላል። አስ-ሠዓሊቢ የሞተው በሂጅራ 429 ነው። ከጦርነቱ እስከ እሱ ሞት ሦስት መቶ የሂጅራ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በሐዲስ ቋንቋ ብንናገር፣ በመሐል ብዙ ሰው ጎድሏል።

ታዲያ ከጦርነቱ ቦታ የነበረ ምስክር አለን? አለን። ዱ ኹዋን የሚባል ቻይናዊ እዚያው ተማርኮ ወደ ዐረቦቹ አገር ተወስዷል። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በ762 በመርከብ ወደ አገሩ ተመለሰና ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ዘመዱ ዱ ዩ በራሱ ሥራ ውስጥ የገለበጣቸው ክፍሎች ግን ተርፈዋል። በነዚህ ክፍሎች ውስጥ ዱ ኹዋን በሙስሊሞቹ ከተማ ያገኛቸውን ቻይናውያን ባለሙያዎች ይጠቅሳል፦ ሐር ሸማኔዎች፣ ወርቅና ብር አንጥረኞች፣ ሠዓሊዎች። ወረቀት ሠሪ አልጠቀሰም።

ይህ ብቻውን ወሬውን ሐሰት አያደርገውም። አንድ ሰው ያላየው ነገር ሁሉ አልነበረም አይባልም። ግን ጥርጣሬ ካሳደረብን ቀጥለን እንፈትሽ፤ ወረቀት ከ751 በፊት በዚያ አካባቢ ነበረ ወይስ አልነበረም?

በበረሃ የቀረ የፖስታ ከረጢት

መጀመሪያ ወደ ምንጩ እንሂድ። የቻይና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት፣ በ105 ጻይ ሉን የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም ከዛፍ ልጥ፣ ከቃጫ ቁርጥራጭ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ካረጀ የዓሣ መረብ ወረቀት መሥራትን ለንጉሡ አቀረበ። ከእሱ በፊት የነበሩ ሻካራ ወረቀቶችም በቁፋሮ ተገኝተዋል። ስለዚህ ጻይ ሉን አሠራሩን አሻሽሎ ለቢሮ ጽሕፈት ያበቃው ሰው ነው ማለት ይቀላል።

አሁን ሁለት መቶ ዓመት እንለፍና ወደ ምዕራብ እንሂድ። ደንሁዋንግ የምትባለው የበረሃ ከተማ ከቻይና ወደ መካከለኛው እስያ የሚወጣው የንግድ መንገድ በር ነበረች። ከሷ በስተ ምዕራብ ባለ አንድ የጥበቃ ማማ ፍርስራሽ ውስጥ፣ በ1907 ኦረል ስታይን የተባለ ተመራማሪ ለባለቤቶቻቸው ሳይደርሱ የቀሩ ደብዳቤዎችን አገኘ። የተጻፉት ከ313 ዓመት አካባቢ ነው። ጸሐፊዎቹ የሰመርቀንድና የአካባቢዋ ነጋዴዎች፣ ሱግዶች ናቸው። አንዱ ደብዳቤ በሐር ተጠቅልሎ፣ በሌላ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ወደ ሰመርቀንድ እንዲደርስ አድራሻ ተጽፎበታል። ሁሉም የተጻፉት በወረቀት ላይ ነው።

ከነሱ መካከል ሁለቱ የአንዲት ሚውናይ የምትባል ሴት ናቸው። ባሏ ደንሁዋንግ ድረስ አምጥቷት ጥሏት ሄዷል። ሴት ልጇን ይዛ፣ ገንዘብ አልቆባት፣ ወደ ቤቷ የሚወስዳት ዘመድም ነጋዴም አጥታ ለእናቷና ለባሏ ትጽፋለች። ደብዳቤዋ አልደረሰም። ይህ ደብዳቤ ለኛ ጉዳይ አንድ ትልቅ ነገር ይነግረናል፦ ከጠላስ ጦርነት አራት መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ የሰመርቀንድ ሰዎች ወረቀትን ያውቁት ነበር። የተቸገረች እናት ችግሯን የምትጽፍበት ተራ ዕቃ ሆኖ ነበር።

ሌላም ማስረጃ አለ። ከሰመርቀንድ በስተ ምሥራቅ፣ ዛሬ ታጂኪስታን ውስጥ፣ ሙግ የሚባል ተራራ ላይ በ1930ዎቹ የሰነድ ክምችት ተገኘ። የፔንጂኬንት ገዢ የነበረው ዴዋሽቲች በ722 ከዐረቦች ጦር ሸሽቶ የመሸገበት ቦታ ነው። ሰነዶቹ በቆዳ፣ በእንጨትና በወረቀት ላይ ተጽፈዋል። እዚያ ከተገኙት መካከል ዴዋሽቲች ለሙስሊሞቹ አሚር የጻፈው የዐረብኛ ደብዳቤ ይገኛል፤ እሱ ቆዳ ላይ ነው የሰፈረው። ወረቀት በቤቱ እያለ ለዐረቡ አሚር በቆዳ ጻፈ። በዚያ ዘመን ለሙስሊም ባለሥልጣን የሚላክ ጽሑፍ በቆዳ ወይም በፓፒረስ መሆኑ የተለመደ ነበርና።

እንግዲህ ጦርነቱ ወረቀትን ወደ አካባቢው አላመጣውም፤ ቀድሞ በነጋዴ ኮርቻ ከረጢት ውስጥ ደርሷል። ምርኮኞች ለሙያው አንድ ነገር ጨምረው ሊሆን ይችላል። ሰመርቀንድን ከወረቀት ጋር ያስተዋወቋት ግን እነሱ አይደሉም። ቃሉም ይህንኑ ይመሰክራል። ዐረቦች ወረቀትን ካጊድ ይሉት ነበር፤ ቃሉ በፋርስኛ በኩል ያለፈ ሲሆን በሱግድኛም ይገኛል። ዕቃው ስሙን ይዞ በመንገድ ዳር ሰዎች አፍ ተላልፎ መጣ። እኛ በአማርኛ «ወረቀት» ያልነውም ከዐረብኛው «ወረቃ»፣ ማለትም ቅጠል ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ዕቃው ከመጣ ሙያው ለምን ዘገየ?

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ሱግዶች ወረቀትን ከ313 ጀምሮ ካወቁት፣ ሙያው ወደ ምዕራብ ለመድረስ ለምን ተጨማሪ መቶ ዓመታት ፈጀበት? መልሱ ወረቀት እንዴት እንደሚሠራ ስናይ ይገለጥልናል። ዕቃን ግመል ይሸከመዋል። ሙያ ግን ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ካልሆነ አይሄድም፤ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ጥሬ ዕቃው ይለያያል።

በሰሜን አፍሪካ ዚሪዮች ከነገሡበት ዘመን፣ በ11ኛው መቶ ዘመን የኖረው አሚር አል-ሙዒዝ ኢብን ባዲስ ስሙ የተያያዘበት «ዑምደቱል ኩታብ» የሚባል የጸሐፊዎች መመሪያ አለ። ስለ ቀለምና ስለ ብዕር ከጻፈ በኋላ የወረቀትን አሠራር ደረጃ በደረጃ ያስቀምጣል። በራሴ ቃል ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ነጭና ጥሩ የሆነ ቂነብ ይመረጣል፤ ገመድ የሚገመድበት፣ ቃጫ የመሰለ ጭረት ያለው ተክል ነው። እንጨታማው ክፍል ይወገዳል፣ በውሃ ይርሳል፣ እስኪለሰልስ ድረስ በማበጠሪያ ይበጠራል። ከዚያ በኖራ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ያድራል። ጧት በእጅ ይታሻል፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ማታ እንደገና አዲስ የኖራ ውሃ ውስጥ ይገባል። ይህ ለሦስት ቀን፣ ቢሻል ለአምስት ወይም ለሰባት ቀን ይደገማል። የኖራው ሥራ ጭረቱን አጣብቆ የያዘውን ሙጫ መሰል ነገር መፍታት ነው፤ ፀሐዩ ደግሞ ያነጣዋል።

ሲነጣ በመቀስ ይቆራረጥና ሰባት ቀን በንጹሕ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው በየቀኑ ይቀየራል። ኖራው ተጠርጎ ካልወጣ ወረቀቱ ይበላሻል። ቀጥሎ በሙቀጫ ይወቀጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ቁልፉ እዚህ ነው። ውቀጣው ጭረቱን ከማድቀቁ በላይ የእያንዳንዱን ጭረት ጫፍ እንደ ፀጉር ይበታትነዋል። እነዚያ ፀጉሮች ውሃ ውስጥ ተጠላልፈው ውሃው ሲወጣ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ሉሁን አንድ አድርጎ የሚይዘው ይህ ነው፤ ሙጫ አይጨመርበትም። ውቀጣው በቅቶ እንደሆነ ለማወቅ ጥቂቱን ንጹሕ ውሃ ውስጥ በትኖ ማየት ይቻላል። ጓል ጓል ሆኖ ከታየ ገና ነው፤ እንደ ቀጭን ደመና ከተበተነ ደርሷል።

ይህ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ሠራተኛው ወንፊት የመሰለ ጠፍጣፋ መስፈሪያ ይዞ ድብልቁን በእኩል ውፍረት ያነጥፍበታል፤ ውሃው ከታች ይንጠፈጠፋል፤ የቀረው ስስ ሽፋን ሉሁ ነው። ሉሁ ለስላሳ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ራሱ ይለቃል።

በዚህ ጊዜ ወረቀት ሆኗል፤ ግን አይጻፍበትም። ብዕር ቢነካው ቀለሙ በሶፍት ላይ እንደፈሰሰ ሻይ ይሰራጫል። ስለዚህ ዱቄትና የስንዴ ስታርች ተቀላቅሎ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ እንደ ቀጭን ሙቅ ከተፈላ በኋላ ሉሁ ይቀባዋል። ሌላው መንገድ የሩዝ ቅቅል ውሃ ነው። ሲደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ወይም ብርጭቆ እስኪያብረቀርቅ ይታሻል። አሁን የቀሰም ብዕር ሳይደናቀፍ ይንሸራተትበታል።

ልብ በሉ፤ ውቀጣው ሳይጀመር ብቻ አሥር ቀን አልፏል። እነዚህን ሁሉ ደረጃዎች በወሬ የሰማ ሰው ሞክሮ ይወድቃል። ኖራው ስንት ይሁን፣ ውቀጣው መቼ ይቁም፣ ገንዳው ምን ያህል ይቅጠን የሚለውን የሚያውቀው እጅ ነው። በዚያ ላይ የቻይናው ባለሙያ የለመደው የዛፍ ልጥ በሰመርቀንድ አልነበረም። የሰመርቀንድ ሰዎች ባላቸው ነገር፣ ማለትም በተልባ ጭረትና በቂነብ፣ እንዲሁም ከእነዚህ በተሠራ አሮጌ ጨርቅና ገመድ መተካት ነበረባቸው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። አሮጌ ጨርቅ ከተማ ባለበት ሁሉ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ወረቀት ከአንድ ዛፍ ጋር አልታሰረም፤ ጨርቅ የሚለበስበት፣ ውሃ የሚፈስበት ቦታ ሁሉ ሊሠራ ቻለ።

ከበግዳድ ቢሮ እስከ ሙስሐፍ

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ወረቀት በዐረቦች ምድር አልነበረም። ሶሓቦች ወሕዩን የጻፉት በቆዳ፣ በተምር ዝንጣፊ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይና በትከሻ አጥንት ላይ ነው። ቁርኣን ውስጥ፣ በሱረቱል አንዓም የተጠቀሰው ቂርጣስ መጻፊያ ገጽ ነው፤ በሱረቱ-ጡር የተጠቀሰው ረቅ ደግሞ ብራና ነው። ግብፅ ውስጥ የሚጻፍበት ፓፒረስ፣ እኛ ጣና ላይ ታንኳ የምንሠራበት ደንገል ነው። ግንዱ ይሰነጠቅና ፍላጩ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድሞ ይጨመቃል። ጭረቱ ተወቅጦ ስላልተበተነ ወረቀት አይባልም።

በ8ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በዐባሲዮች ጊዜ፣ ወረቀት በግዳድ ገባ። ለምን ተፈለገ? ኢብን ኸልዱን እንደሚለው ብራናው ለመንግሥቱ ጽሕፈት አልበቃ ሲል፣ ወረቀት እንዲሠራ ሐሳብ ያቀረበው አል-ፈድል ኢብን የሕያ ነው። አል-ቀልቀሸንዲ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨምራል። ሃሩን አር-ረሺድ ሰዎች በወረቀት እንዲጽፉ ያዘዘው፣ ብራና ላይ የተጻፈ ሊፋቅና ሊለወጥ ስለሚችል ነው ይላል። ብራና ላይ ቀለሙ ከላይ ይቀመጣል፤ በቢላ ተፍቆ ሌላ ሊጻፍበት ይችላል። ወረቀት ላይ ግን ቀለሙ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የፋቀው ሰው ቀዳዳ ወይም ሻካራ ቦታ ትቶ ይያዛል። ሁለቱም ከነገሩ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ የጻፉ ስለሆኑ እንደ ዘጋቢ እንጂ እንደ ዓይን ምስክር አንቀበላቸውም። የሁለተኛው ምክንያት ግን ማንም ሰው በእጁ ሞክሮ ሊያረጋግጠው ይችላል። ውል፣ ዕዳ፣ ሹመት የሚጽፍ ቢሮ ማጭበርበርን የሚያጋልጥ ገጽ ቢመርጥ አይገርምም።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ተራባ። አል-የዕቁቢ በ9ኛው መቶ ዘመን በበግዳድ አንድ ሰፈር ውስጥ ከመቶ በላይ የወራቆች ሱቅ እንደነበረ ጽፏል። ወራቅ ማለት ወረቀት የሚሸጥ፣ ኪታብ የሚገለብጥና የሚሸጥ ሰው ነው። ዓመተ ምሕረት ከተጻፈባቸውና እስከ ዛሬ ከቆዩ የወረቀት የዐረብኛ ኪታቦች መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ በሂጅራ 252፣ ማለትም በ866 የተገለበጠ ነው። ዛሬ በላይደን፣ ሆላንድ ይገኛል። ምን ኪታብ ይመስላችኋል? የአቡ ዑበይድ «ገሪቡል ሐዲስ» ነው፤ በሐዲስ ውስጥ ያሉ እንግዳ ቃላትን የሚፈታ።

ሙስሐፍ ግን ቸኩሎ ወደ ወረቀት አልገባም። ዛሬ ከሚታወቁት፣ ቀን ከተጻፈባቸው የወረቀት ሙስሐፎች የመጀመሪያው በሂጅራ 361 የተጻፈ ነው። በግዳድ ውስጥ ኢብኑል በዋብ በሂጅራ 391 የጻፈው ዝነኛ ሙስሐፍም በወረቀት ነው። ቢሮው ወረቀትን ከተቀበለ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል። በመግሪብ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን በብራና መጻፉን ቀጠሉ። ሰዎች ለደረሰኝ በአንድ ዓመት የተቀበሉትን ነገር ለአላህ ቃል ለመቀበል ትውልዶች ፈጀባቸው።

ተማሪው ሻጭ ሲሆን

ወረቀት ከግብፅ ወደ ፋስ፣ ከፋስ ወደ አንደሉስ ሄደ። አል-ኢድሪሲ በ1154 የአንደሉሷ ሻጢባ ወረቀት አቻ የሌለው መሆኑን ጽፏል። ክርስቲያን አውሮፓ መጀመሪያ ተጠራጠረው። ንጉሥ ፍሬድሪክ ሁለተኛ በ1231 የመንግሥት ሰነድ በወረቀት እንዳይጻፍ፣ በብራና እንዲሆን አዘዘ።

በዚያው በ13ኛው መቶ ዘመን ግን ፋብሪያኖ በምትባል የጣሊያን ከተማ ሠራተኞች ሙያውን ተቀብለው ለራሳቸው አገር አስተካከሉት። ውቀጣውን ወንዝ ለሚያንቀሳቅሰው መዶሻ ሰጡት። እርጥበት በበዛበት አገር የስንዴ ሙቅ ሻጋታና ነፍሳት ይስባልና፣ በምትኩ የቆዳ ትርፍራፊ ቀቅለው ባገኙት ሙጫ ቀቡት። ወንፊቱን በብረት ሽቦ ሠሩት። ሽቦ አጣምመው ምልክት ሲያደርጉበት፣ ምልክቱ ሉሁ ውስጥ ቀርቶ ወደ ብርሃን ሲያዩት ይታያል። የብር ኖት ላይ እንደምናየው ዓይነት ነው። ከጻይ ሉን እስከ ፋብሪያኖ ከአንድ ሺህ መቶ ዓመት በላይ አልፏል።

የጣሊያኑ ወረቀት ጠንካራና ርካሽ ስለነበረ ወደ ሙስሊሞች ከተሞች ተመልሶ መሸጥ ጀመረ። በዚህ ምክንያት በ1409፣ በሂጅራ 812፣ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ባለችው ቲሊምሳን ለዓሊሙ ኢብን መርዙቅ አል-ሐፊድ ጥያቄ ቀረበ። ወረቀቱን የሠሩት ሙስሊሞች አይደሉም፤ ወደ ብርሃን ሲያዩት ደግሞ አንዳንዱ ውስጥ የመስቀል ምልክት አለ። እዚህ ላይ ቁርኣንና ኢልም መጻፍ ይቻላል ወይ?

ኢብን መርዙቅ ረሒመሁላህ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፎ መለሰ። ይቻላል አለ። በጥርጣሬ ብቻ ነገሩ ነጃሳ ነው አይባልም፤ ሰዉም ወረቀቱን ይፈልገዋል፤ የአላህ ቃል በላዩ ሲጻፍ ደግሞ ከሥሩ ያለው ምልክት ዋጋ ያጣል። ፈትዋውን ሳነብ እፎይታም ቁጭትም ይሰማኛል። እፎይታው፣ ዓሊሙ የኢልምን በር ስላልዘጋ ነው። ቁጭቱ፣ ጥያቄው ራሱ ለምን ተነሳ የሚለው ነው። ወረቀት ለአውሮፓ ያስተማሩ አገሮች ለሙስሐፋቸው ወረቀት ይገዙ ነበር። ማንም አልቀማቸውም። ሌላው ወንዙን ለሥራ ሲጠምድ፣ እነሱ በአባቶቻቸው አሠራር ቀሩ።

ቤታችሁ ያለው ኪታብ

ይህ ታሪክ እኛም ቤት ይደርሳል። በሐረርና በሌሎች የአገራችን ሙስሊም አካባቢዎች የቆዩ ብዙ የእጅ ኪታቦች የተጻፉት ከውጭ በመጣ የአውሮፓ ወረቀት ነው። ከብዙዎቹ ውስጥ ወደ ብርሃን ሲያዩአቸው በመጠን የተከታተሉ ሦስት ጨረቃዎች ይታያሉ። ይህ በሰሜን ጣሊያን፣ በቬኒስ አካባቢ ተሠርቶ በተለይ ለዑስማንዮች ገበያ ይላክ የነበረ ወረቀት ምልክት ነው። መስቀሉ አንድ ጊዜ ጥያቄ አስነሥቶ ነበር፤ ለሙስሊም ገበያ የሚሠራው ነጋዴ ጨረቃ አደረገበት።

አያታችሁ የተዉት የእጅ ኪታብ ካለ ይህን ሞክሩ። እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ፤ ገጹን ሳትጎትቱ፣ ሳታጥፉ፣ ከኋላው ለስላሳ ብርሃን እንዲያርፍበት አድርጉ። እኩልና ቀጥ ያሉ የሽቦ መስመሮች፣ በመሐልም ምልክት ካያችሁ የአውሮፓ ወረቀት ነው። መስመሩ የተዛባና የደበዘዘ፣ ምልክትም የሌለው ከሆነ የሙስሊም አገር የእጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። መስመር ጨርሶ ከሌለው ምናልባት የማሽን ወረቀት ነው። ያያችሁትን በፎቶ አስቀምጡ፤ ኪታቡን ግን አትሽጡት።

ለዚያ ወጣት የመለስኩለት ይህ ነው፦ «አጋራው፤ ግን አስተካክለህ። ጦርነቱ እውነት ነው፤ የምርኮኞቹ ወሬ ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የተጻፈ ነው፤ ወረቀት ግን ከዚያ በፊት በነጋዴዎች እጅ ሰመርቀንድ ያውቀው ነበር።» ፈገግ ብሎ «ኡስታዝ፣ እንዲህ ከተጻፈማ ማንም ላይክ አያደርገውም» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ኢስናድ ያጠኑ ሰዎች ልጆች ግን ያልጠየቁትን ወሬ በኩራት ስም ሲያስተላልፉ ማየት ከላይክ ማጣት የከበደ ነው።

የሚውናይ ደብዳቤ እናቷ ዘንድ አልደረሰም፤ እኛ ዘንድ ግን ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደረሰ። በእጃችን የሚያልፈውን ነገር ሳናጎድልና ሳንጨምር ለቀጣዩ የምናደርስ ያድርገን። ኢልምን ተሸክመው ላደረሱልን ዓሊሞችና ስማቸው ላልተጻፈ የእጅ ባለሙያ ሙስሊሞች ሁሉ አላህ ይዘንላቸው። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።